ይቅርታው የበዛበት መልእክት

ወይንእሸት ቢቸና ከተማ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የዘር መጋዘን በኃላፊነት ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ሞባይል በየሰዉ እጅ የገባበት ጊዜ ነው። ሥራዋን ታውቃለች፤ ብቻ አለቃ ፊት ስትቆም ትንሽ ትሆናለች፤ ያኔ ሴት ልጅ እንዲያ ነበር የምታድግ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሌሊት ጣሪያው አፈሰሰና የስንዴው ዘር ረጠበ። ጠዋት ስትገባ አየችው። ዘሩ በማግሥቱ ተጭኖ ሞጣ ሊሄድ ነው፤ ሳይፈተሽ ከሄደ ገበሬው ዘርቶት ሳይበቅል ሊቀር ነው። ሞጣ ላሉት ሥራ አስኪያጅ ለአቶ አስናቀው በስልኳ ጻፈች።

«ጋሼ፣ ስላስቸገርኩዎ በጣም ይቅርታ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ትንሽ ዘር የረጠበ መሰለኝ። ጥፋቱ የኔም ሊሆን ይችላል። ጭነቱ ቢቆይ ይሻል ይሆን? አሁንም ይቅርታ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ለዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ። ለወደፊቱ ተጠንቀቂ። ነገ ይጫን።»

የጻፈችውንና መልሱን ለጸሐፊዋ ለእትዬ ይርጋነሽ አሳየቻት። ይርጋነሽ በመጋዘኑ ቢሮ ደብዳቤ ስትመታ ያረጀች ሴት ናት።

«ምን አጥፍተሽ ነው ይቅር ያለሽ?»

«ምንም።»

«ጣሪያውን አንቺ ቀደድሽው?»

«ኧረ እትዬ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የኔ የሚለው ይውጣ። ዘሩን ዳስሰሽዋል?»

«ጆንያው ውኃ ያንጠባጥባል።»

«‹መሰለኝ›ም ይውጣ።»

«ስንቱ እንደተበላሸ ግን አላውቅም።»

«እሱ እውነት ነው፣ ይቆይ። የምትጠይቂውን መጀመሪያ ላይ ጻፊው።»

«ደፋር ይሉኛል።»

«እርስዎ ማለቱን ተይ ያለሽ የለም። መለማመጡን ነው ያልኩሽ።»

ወይንእሸት ደረቁን ከእርጥቡ አስለይታ ስታበቃ እንደገና ጻፈች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ አስናቀው። የረጠበው ዘር ነገ እንዳይጫን እጠይቃለሁ። ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ በግድግዳው በኩል ያለው ስንዴ ረጥቧል። ደረቁን ለይቻለሁ። ምን ያህሉ እንደተበላሸ ገና አላውቅም፤ የብቅለት ፍተሻ የሚሠራ ባለሙያ ይላኩልኝ። እስኪፈተሽ የረጠበውን አልጭንም። ወይንእሸት።»

ይርጋነሽ አነበበችና «‹አልጭንም› የሚለውን እኔ አላልኩሽም» አለች።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለችና ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ማን አጻፈሽ?» አሉ አቶ አስናቀው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ጣሪያው ሲያፈስ ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?»

ይቅርታ ልትል አፏ ተከፈተ። ዋጠችው። «ነግሬዎት ነበር፤ በይቅርታ ሸፍኜው እንጂ።»

ጠዋት የላከችውን መልሰው ሳያዩት አልቀሩም። «በይ ደረቁን ጫኝ» አሉ በመጨረሻ። «ባለሙያ እልካለሁ።»

በማግሥቱ ሾፌሩ አለበል ግማሽ ጭነት ሲያይ ተቆጣ። ለጉድለቱ የሚጠየቀው እሱ መስሎታል።

«በጎዶሎ ልመለስ? ያን ጥግ ያለውን ጨምሪልኝ።»

«አይጫንም።»

«ሥራ አስኪያጇ አንቺ ሆንሽ እንዴ?»

«የመጋዘኑ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለችው። እርጥቡ ያለበትን ክፍል ዘግታ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፤ እሱም እያጉረመረመ ሞተሩን አስነሣ።