ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካው

ሱሃይላ በአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ፀጉር መሥራት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ዘርፉ ነበረች፤ ደንበኝነቱ ውሎ አድሮ እህትነት ሆነ። የዘርፉን ልጅ ዱሬቲን ለሠርጓ የማስዋብ ተራ ሲደርስ ሱሃይላ ለማንም አልሰጠችም።

ሐሙስ ዕለት የሙሽራዋን ፀጉር ጥቁር ቀለሙን አስለቅቃ ወርቃማ አደረገችው። እየቀባች አንጎራጎረች፦

ወርቅ አለበስኩሽ ከግንባር እስከ አንገት፣
ፀሐይ ታፍራለች ስትወጪ ከቤት።

ስትሸኛትም እንደ ልማዷ አደራ አለቻት፤ ቀለሙ እንዲይዝ ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካው። ሙያውን ካስተማረቻት ሴትዮ የወረሰችው ቃል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዱሬቲ ከእናቷ ጋር መጣች። ነጠላዋን ስትገልጥ ወርቁ የኩሬ አረንጓዴ ሆኗል። ዓርብ ሚዜዎቿ ለፎቶ ብለው ሆቴል ወስደዋት፣ ከመዋኛ ገንዳው ጎትተው አስገብተዋታል።

«ከወጣሽ በኋላ ታጠብሽው?» አለች ሱሃይላ።

«ውሃ እንዳይነካው ብለሽኝ የለ እትዬ? የሻወሩንም ውሃ ሸሸሁ። እንደረጠበ ጠቅልዬ ተኛሁ።»

ሱሃይላ አረንጓዴውን ፀጉር በጣቷ ዳሰሰች። የፈረደባት ሰው አልነበረም፤ የፈረደባት የራሷ አደራ ነው። ቀለም የለቀቀ ደረቅ ፀጉር ያገኘውን ውሃ ይጠጣል። ገንዳው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ እንዳይበቅል የሚጨመረውን መዳብ ክሎሪኑ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ፀጉሩ ላይ ይለጠፋል። ቀድሞ በንጹሕ ውሃ ርሶ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ በዋና ቆብ ተሸፍኖ ቢሆን፣ እንደወጣችም ቢታጠብ፣ ይህን ያህል ባልያዘ ነበር።

መዳቡን እንዲያላቅቅላት የቫይታሚን ሲ ክኒን ፈጭታ ቀባችው። የቧንቧው ውሃ ማንቆርቆሪያዋን ነጭ ቅርፊት የሚያለብስ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው፤ ያንን ፈርታ በታሸገ ውሃ አለቀለቀችው። አረንጓዴው ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ደግማ ልታስለቅቀው አንዲት ዘለላ ሳብ አድርጋ ሞከረች፤ ዘለላዋ እጇ ላይ ተበጠሰች። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ አረንጓዴውን የሚያጠፋ ቀይ ከሥር፣ ከላይ ጥቁር ቡኒ።

ዱሬቲ መስታወቱን ሳታይ ወጣች። ዘርፉ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለች፦

«በፀጉሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኜሻለሁ ሱሃይልዬ። ልጄ ደግሞ ያልሽውን አንድ ሳታጎድል ፈጸመች።»

እሁድ የሠርግ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። ሱሃይላ በመጋረጃው ቀዳዳ የሙሽራዋን ጥቁር ቡኒ ፀጉር አየች፤ የዘርፉ መኪና መስኮት ዝግ ነበር።

አሁን ደንበኛ ሁሉ ሲወጣ ስለ ገንዳው፣ ስለ ቆቡ፣ ወዲያው ስለ መታጠቡ ትነግራለች። ከዚያ ወዲህ ግን አንጎራጉራ አታውቅም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት፣ ዘርፉ ትመጣ በነበረበት ሰዓት፣ ወንበሯን ትወለውላለች፤ ሌላ ሰው አታስቀምጥበትም፤ ዘርፉም አትመጣም።