ሰላምታው ከአሥራ አምስት ሰከንድ በኋላ

አክስቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አዋልዳለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህም መንገድ ላይ "ሲስተር!" ሳይላት የሚያልፍ የለም፤ እሷም ቆማ የእናትን፣ የአባትን፣ የልጅን ደህንነት ሳትጠይቅ አታሳልፍም። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ለምሳ የምትመለሰው በዚህ የተነሳ ነው።

ለወላድ እናቶች ፖድካስት እንጀምር ስላት ያንኑ አመሏን ይዛ ማይክ ፊት ተቀመጠች። የምንቀዳው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ድምፁ እንዳያስተጋባ የቁም ሳጥኑን በር ከፍተን ካፖርቶቿ መሀል እንወሸቃለን። እኔ እቀዳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እለቃለሁ። እሷ ታወራለች። "ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹስ? እንቅልፉስ እንዴት ይዟችኋል?" እያለች ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ትሞላለች።

አድማጭ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ግራፍ አሳየኋት። ከመቶ አድማጭ አርባ አንዱ አሥራ አምስተኛው ሰከንድ ሳይደርስ ዘግቶ ይወጣል።

"ምን አስቸኮላቸው?" አለች ቅር ብሏት።

"ልጅ ታቅፈው፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው እኮ ነው የሚሰሙሽ እትዬ። ምን ልትነግሪያቸው እንደሆነ ቶሎ ካላወቁ ለምን ይቆያሉ?"

"ሰው ቤት ገብቼ ሰላም ሳልል ልቀባጥር? በዚህ ዕድሜዬ ስድ አታድርጊኝ።"

የአንድ ባል መልእክት ባይመጣ ኖሮ ክርክሩ በዚያው ይቀር ነበር። ሚስቱ በወለደች በአምስተኛው ቀን ደም ሲበዛባት፣ ስለ ደም መፍሰስ የሠራነውን ክፍል ከፍታ ነበር። ሰላምታው ሲረዝምባት ዘጋችው። ሆስፒታል የደረሰችው በማግስቱ፣ ራሷን ስታ ነው። ተርፋለች። ሰውየው ሊወቅሰን አልጻፈም፤ "እባካችሁ ዋናውን ነገር አስቀድሙት" ብቻ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ዋናውን ያስቀመጥነው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔም አፈርኩ፤ መቀሱ በእጄ ነበር።

በማግስቱ መግቢያውን እንደ አዲስ ልንሠራ ተቀመጥን። እኔ ብልጧ ጽፌ መጣሁ፦ "ይህን ሳትሰሚ ብትተኚ ላትነሺ ትችያለሽ!" ከሥሩም ልብ የሚያርድ ሙዚቃ አስገባሁበት።

"የደነገጠች አራስ ምን ትሰማለች?" አለች አክስቴ። "ደግሞስ ምን አድርጊ አልሻት? ምንም!"

የእሷ ተራ ሲደርስ "በዛሬው ዝግጅታችን ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ ምንነት፣ መንስኤና መፍትሔ እንዳስሳለን" ብላ አነበበች። ስብሰባ የገባሁ መሰለኝና አዛጋሁ። ሳቀችና ወረቀቱን ጨመደደችው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ቤቷ ስከርም፣ ምጥ የያዛት ሰው ዘመድ ሲደውልላት ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ማይኩን ከፈትኩና ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ።

"ሲስተር፣ ከወለድኩ አምስት ቀኔ ነው። ደሙ በዛብኝ። ልተኛ ወይስ ልሂድ?"

አክስቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ድምጿ ዝግ አለ።

"አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከራሰ አትተኚ። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ።"

"ይኸው! በዚህ ነው የምንጀምረው" ብዬ ጮህኩ። ከፊቱ እኔ እንደ አራስ ሆኜ የጠየቅኳትን አደረግን፣ የምትሰማው እናት ለእሷ እንደሆነ እንድታውቅ፤ ከኋላው ደግሞ "ችላ የማይባሉ ሌሎች ሦስት ምልክቶችም አሉ" የሚል ጨመርን። የቀረኝ አንድ ስጋት ነበር።

"መልሱን መጀመሪያ ከሰጠሻት ግን ለምን ትቆያለች? ሰው የሚቆየው መልሱን ሲጠብቅ ነው።"

"ደም የሚፈሳትን ሴት ምን ብዬ ላስጠብቃት? ትሂድ እንጂ!"

በስልኬ ስለካው አሥራ ስምንት ሰከንድ ሆነ። ደግማ ስትቀዳው ያስገባቻቸውን "እህቴ"ንና "በእርግጥ"ን አወጣን፣ ሙዚቃውን ወደ ኋላ ገፋነው። አሥራ አራት። ሰላምታው ከዚያ በኋላ፣ በአንድ መስመር ብቻ እንዲገባ ተስማማን። አክስቴ ግን ፊቷ አልፈታም።

አዲሱ መግቢያ በተለቀቀ በሦስተኛው ሳምንት ቀድመው የሚወጡት ከመቶ አሥራ ስምንት ሆኑ። ግራፉን ላሳያት ስከፍት መልእክት አየሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

"ሲስተር፣ ገና ሰላም ሳትይኝ ዘጋሁሽ። ቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ትናንት ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ልጄም ደህና ናት። የቀረውን ዛሬ እሰማዋለሁ።"

አክስቴ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና፣

"ሰላምታዬን አልሰማችማ" አለች። "ክፈቺው እስቲ ማይኩን።"

ለዚያች ሴት ብቻ የሚላክ ቀዳን። እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጅቷስ፣ ጡቱን ያዘችልሽ ወይ፣ እንቅልፉስ፣ ባልሽስ ያግዝሻል ወይ እያለች፣ ሃምሳ ሁለት ሰከንዷን አልፋ ሁለት ደቂቃ ገባች። አንዲት ቃል አልቆረጥኩባትም።