የደመወዜ ሲሶ

ባንኩ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ሊያበድረኝ እንደሚችል የሰማሁ ዕለት ከገላባት እስከ ገዳሪፍ በአውቶቡሱ መስኮት ተደግፌ ለብቻዬ ፈገግ ስል መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሱዳናዊት እናት አንዴ ዞር ብለው አይተውኝ ቦርሳቸውን ወደ ማዶ ጉልበታቸው አዛወሩ። አልፈረድሁባቸውም። ለብቻዋ የምትስቅ ሴት ሳይ እኔም ያንኑ አደርጋለሁ።

ያን ጊዜ በሱዳኗ ገዳሪፍ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ። ሥራዬ የደም ጠብታ መስታወት ላይ ቀብቶ በአጉሊ መነጽር ወባ መፈለግ ነው። በቀን ከሰው ጋር የምነጋገረው «ኢስመክ ሚኑ?» ብዬ ስም ስጠይቅ ብቻ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። ስማቸውን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ጣታቸውን እወጋለሁ፣ ይሄዳሉ። ዓርብ ክሊኒኩ ሲዘጋ ደግሞ ያችም አትኖርም። ከተከራየሁበት ግቢ ያሉት ሌሎች ቤተሰብ ያላቸው ስለሆኑ ምሳቸውን በየበራቸው ዘግተው ይበላሉ፤ እኔ የእነሱን ሳህን ድምፅ እየሰማሁ የራሴን እበላ ነበር። ብቸኝነት በሽታ ቢሆን ኖሮ በዚያ አጉሊ መነጽር የመጀመሪያዋ የምገኝ እኔ ነበርሁ።

ልጄን የሁለት ዓመት ሳለች ጎንደር እናቴ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁ። እነሱም ተከራይ ነበሩ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አከራዮች ሦስት ጊዜ አስወጥተዋቸዋል። ልጄ እናቴን «እማዬ»፣ እኔን «ማሚ» ትለኛለች። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ ቤት ገዝቼ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ ከልጄ ጋር አንድ ጣራ ሥር ማደር። በውጭ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ የቤት ብድር ተጀመረ ሲባል ድንበሩን ተሻግሬ መተማ ካለው ባንክ የሄድሁት ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ የደመወዝ ደብዳቤዬን አስተርጉሜ፣ ኢቃማዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አያይዤ ስቀርብ የተቀበሉኝ ጡረታቸው የተቃረበ የብድር ሠራተኛ ነበሩ። ወረቀቱን አንድ በአንድ ገልብጠው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ቅድሚያ ክፍያ ከየት የመጣ ነው፣ እህቴ?»

«የስድስት ዓመት ቁጠባዬ ነው፣ ጋሼ። የጎደለውን እቁብ ሞላልኝ።»

«ስንተኛ ዕጣ ደረሰሽ?»

«ሁለተኛ። ባለፈው ወር» አልሁ ኮራ ብዬ። በገዳሪፍ ሃያ የሀበሻ ሴቶች እንጥላለን፤ ሁለተኛ ዕጣ የደረሳት ሴት ያን ሰሞን ስትስቅ ነው የምትውለው።

«ስንት ትጥያለሽ?»

«በብር ቢመታ ሰባት መቶ ይሆናል።»

«እንግዲያው ገና የአሥራ ስምንት ወር መዋጮ አለብሽ። ቅጹ ላይ ሌላ ዕዳ የለብኝም ያልሽው ለምንድን ነው?»

እቁብን ዕዳ ብሎ የጠራ ሰው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «እቁብ እኮ ዕድል ነው!» አልኋቸው፣ የሌላ መስኮት ተራ ጠባቂዎች እስኪዞሩ ድረስ። እሳቸው አልተቆጡም። ያልተሞላ ቅጽ ገልብጠው ጀርባው ላይ ይጽፉ ጀመር።

«ደብዳቤሽ ስምንት ሺህ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ስምንት ነው?»

አልነበረም። ሁለቱ ሺህ በክረምቱ ማብቂያ ወባ ሲበረታ የማገኘው የትርፍ ሰዓት ነው። ክሊኒኩ ደብዳቤውን የጻፈልኝ በደህናው ወር ነው፤ እኔም እንዲያ እንዲጽፉልኝ ያን ወር ጠብቄ ነው የጠየቅሁ። ስድስት ሺህ ብዬ አመንሁ።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ። «ባንኩ ሦስት መቶ ሰማንያውን የሚሰጥሽ የስምንት ሺሁን ግማሽ፣ አራት ሺህ፣ በየወሩ ለአሥራ አምስት ዓመት ትከፍያለሽ ብሎ ነው። እቁቡን ባንኩ አያየውም፤ አንቺ ግን ትጥይዋለሽ። አራት ሺህ ከሰባት መቶ። ይህን ለስድስት ሺህሽ አካፍይው፤ ከመቶው ሰባ ስምንት በዕዳ ሄደ። በቀሪው በአንድ ሺህ ሦስት መቶው ትከራያለሽ፣ ትበያለሽ፣ ኢቃማ ታሳድሻለሽ፣ ለእናትሽ ትልኪያለሽ።»

«ታዲያ ምን ያህል ልውሰድ?»

«ያለብሽ ዕዳ ሁሉ ተደምሮ ከማይቀረው ገቢሽ ሲሶ ባያልፍ ነው እኔ የምወድልሽ። የስድስት ሺህ ሲሶ ሁለት ሺህ። እቁቡን ቀንሺ፤ ለቤቱ አሥራ ሦስት መቶ ይቀርሻል። ያ የሚሸከመው መቶ ሃያ አምስት ሺህ ግድም ነው።» ቀጥለው ዝግ ብለው ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ልትገቢበት ነው የምትገዢው?»

«አዎን።»

«ጎንደር ብትቀጠሪ ስንት ታገኚያለሽ?»

«ሁለት ሺህ።»

«እንግዲያው ሲሶውን ከሁለት ሺሁ ላይ አውጪው። ስድሳ ሺህ ምናምን ይመጣል።»

«በስድሳ ሺህ የዶሮ ቤት ነው የሚገዛው!» ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። የጻፉበትን ቅጽ ግን ይዤው ሄድሁ።

እናቴ በዚያው ሳምንት መሐል ከተማ ሦስት መኝታ ያለው፣ የብረት በር የተገጠመለት ቤት አይታ ኖሮ የት ምን እንደምታስቀምጥ ጨርሳ ነበር። በስልክ መቶ ሃያ አምስት ሺህ የሚባለውን ስነግራት «ሰዎቹ እንሰጥሻለን እያሉሽ አንቺ ይቅርብኝ ትያለሽ? ምን አስነክተውብኝ ነው?» አለችኝ። እቁብተኞቼም ሳቁብኝ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ባለ ምግብ ቤቷ፣ በዚያው ሰሞን ባንኩ የፈቀደላትን ሁሉ ፈርማ ስለነበር «የሰው ገንዘብ ፈርተሽ!» እያለች ተጫወተችብኝ።

ግትር ነኝ፤ ሽማግሌውንም እናቴንም ማመን አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ ወር ልሞክረው አልሁ። ደመወዜን የተቀበልሁ ዕለት እቁቤን ጣልሁ፣ የአራት ሺሁን ብር ያህል በፖስታ አሽጌ ከሣጥኔ ግርጌ ከተትሁ፣ በተረፈው ልኖር ጀመርሁ። የቤት ኪራዩ ወዲያው ግማሹን በላው። ለእናቴ የምልከው ቀሪውን አጎደለው። ሩክሻ፣ የእነሱን ባጃጅ፣ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርሁ፤ ያ ምንም አልነበረም። ምሳዬን ፉል ብቻ አደረግሁ፤ ያም ምንም አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግን የስልክ ካርድ መግዣ አጣሁ። በየዓርቡ ለልጄ እደውል ነበር። ያን ዓርብ አልደወልሁም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ሳየው ዋልሁ፤ ማንም አልጠራኝም። ፖስታውን መቅደድ እችል ነበር፤ ግን ብቀደው ኖሮ ፈተናው ምን ዋጋ አለው? እንዲህ ያለ ዓርብ ለአሥራ አምስት ዓመት ብዬ አሰብሁና ለቅሶዬ መጣ።

በማግስቱ ፖስታውን ቀደድሁ፤ በሳምንቱም መተማ ሄጄ ለመቶ ሃያ አምስት ሺህ ፈረምሁ። ሽማግሌው ፊርማዬን አይተው «የጎንደሩን ደመወዝስ አሰብሽበት?» አሉኝ። «እሱን ያኔ እናየዋለን፣ ጋሼ» አልሁ። ግማሹን ምክር ወሰድሁ፣ ግማሹን ተውሁት ማለት ነው።

የተገዛው ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው። እናቴ ዓመት ሙሉ «ያንቺ ቤት» እያለች እንጂ «ቤታችን» ብላ አልጠራችውም። ቢሆንም አከራይ የሚባል ሰው ከዚያ ወዲያ አላንኳኳባቸውም። ከሁለቱ ክፍል አንዱ የእኔ ነው ተባለ፤ ለዕረፍት ስሄድ አልጋና ቁምሳጥን ገዝቼ አስገባሁበት።

ከዚያ ደቡቡ ተገነጠለና የሱዳን ጊኔ መውረድ ጀመረ። የክሊኒኩ ደመወዜ በወረቀት ላይ ያው ነው፤ ወደ ብር ሲመነዘር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ሺሁ ሦስት ሺህ ሆነ። የቤቱ ክፍያ አሥራ ሦስት መቶነቱን አልለቀቀም። እቁቡ አልቆ ነበር፤ ያም ሆኖ ምንም ሳልበደር ዕዳዬ ከሲሶ አልፎ ከመቶው አርባ ሦስት ደረሰ። ጠበበኝ፣ ግን አንድም ወር አላሳለፍሁም። ያንን አራት ሺህ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ደመወዜን ሙሉውን ብሰጥ እንኳ ሺህ ብር ይጎድለኝ ነበር። ባለ ምግብ ቤቷ የደረሰባት እሱ ነው። ባንኩ ቤቷን በሐራጅ የሸጠባት ሰሞን መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በመከራዋ ደስ አላለኝም። የተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ክፍሌ ስለገባ ደስታ ነበር፤ እንዳትሄድብኝ ሻይ ደጋገምሁላት።

ቤቱን በዚህ አዳንሁት። እኔ ግን መግባት አልቻልሁም። ጎንደር ሄጄ በሁለት ሺህ ብቀጠር አሥራ ሦስት መቶው ለባንክ ይሄዳል፤ ሰባት መቶ ለሦስት ሰው። በየዓመቱ እያሰላሁ በየዓመቱ ቀረሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት ያደርሁት በጠቅላላው ሃያ ስድስት ሌሊት ነው።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ዓርብ ራሷ ደወለችልኝ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ማሚ፣ አንዲት አስተማሪ ክፍል ትፈልጋለች። ጥሩ ሰው ናት። በወር አራት መቶ እከፍላለሁ ብላለች» አለችኝ። «ያንቺን እንስጣት? ዝም ብሎ ተዘግቶ ነው ያለው።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጭንቅላቴ አሰላው። አራት መቶው ለክፍያው ቢውል ከደመወዜ የሚወጣው ዘጠኝ መቶ ነው፤ እንደገና ከሲሶ በታች ይሆናል። ሒሳቡ ምንም እንከን አይወጣለትም።

«ስጧት» አልሁ።

«አታስቢ እሺ?» አለች ልጄ፣ የተከፋሁ መስሏት። «ስትመጪ ለእንግዳ የምናነጥፈው ፍራሽ አለ።»