ዘጠኝ ማኅተም ያለበት ካርድ

ሞላሌ ሱቅ በነበረን ዓመታት ስኳር ደንበኛ መጥሪያ እንጂ ማትረፊያ አልነበረም። ከኪሎው የምናገኘው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ማዶ አዲስ ሱቅ ተከፍቶ ሰው ሲሸሸን ባለቤቴ ተደናገጠና «ከኪሎው አንድ ብር እንቀንስ» አለኝ።

«ሃምሳ ሳንቲም ከኪስህ ልትጨምርላቸው ነው? እንግዲያው በነጻ አድላቸውና እንረፍ» አልኩት። ምላሴ ያኔም አያርፍም ነበር።

ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው ላይ ላላክከው አልችልም። አንድ ገዢ ሲገባ አሥራ ሁለት ብር ያህል ያወጣል፤ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ ይወስዳል። ከነዚህ የሚገኘው ትርፍ ኢምንት ነው። ደህና የምናተርፈው ከሳሙናና ከሻማ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሰው የሚገዛው አንድ አንድ እያለ ነው። ስለዚህ ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት በአንድ ፌስታል አሰርኩ። ለየብቻ ዘጠኝ ብር የሚያወጣውን ጥቅል በስምንት ሸጥኩት። መግዣው ስድስት ነበርና ቅናሹን ሰጥቼም ሁለት ብር ይቀረኛል።

ቀጥሎ ካርዱን አመጣሁ። ደብረ ብርሃን ያለው አከፋፋያችን አሥር ካርቶን ለወሰደ አንድ ይመርቅ ነበር፤ ከሱ ነው የተማርኩት። ካርቶን ቆራርጬ ሃያ ብር ለገዛ አንድ ማኅተም እመታለሁ፤ አሥር ማኅተም የሞላለት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ይወስዳል። በአሥራ ሁለቱ ላይ ጥቅሉ ሲጨመር ልክ ሃያ ይሆናል፤ እንዲሆን ብዬ ነው የወሰንኩት። ከአሥር ጥቅል ሃያ ብር አተርፋለሁ፣ ዘይት ያለቀበት ጀሪካን ዘጠኝ ብር ይፈጅብኛል። በወሩ ደንበኞቻችን ተመለሱ፤ ባለቤቴም ስለ ስኳሩ ማውራት ተወ።

ጀሪካኑን እንደ እማማ የፈለገው ሰው አልነበረም። ከሱቃችን በታች ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የበግ ጠጉር ፈትለው የሚተዳደሩ አሮጊት ነበሩ። ውሃ የሚቀዱት ከቁልቁለቱ ምንጭ በእንስራ ነው፤ እንስራው ባዶውን እንኳ ወገብ ይሰብራል። ሲመጡ ጀሪካኑን ከመደርደሪያው አስወርደው በአንድ እጃቸው ያነሱትና «ውይ፣ ይቺማ ላባ ናት!» ይሉ ነበር። ካርዳቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ነበር የሚይዙት።

ሃያ ብር ግን ከየት ይምጣ? እሳቸው የሚገዙት ሦስትና አራት ብር ነው። ሆኖም ካርዳቸው በፍጥነት ይሞላ ጀመር። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የማኅበራቸው ሴቶች በገበያ ቀን የአምስት የአምስት ብራቸውን አዋጥተው በአንድ ላይ ይገዙና ማኅተሙን በእማማ ካርድ ያስመታሉ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! እያንዳንዷ የምታወጣው ያው የድሮዋን ነው፣ ጥቅሉንም የምትነካው የለችም፣ ጀሪካኑ ግን ከኔ ይወጣል። በስሌት ከሄድን ቀጥዬ ያደረግኩት ትክክል ነበር።

ዘጠኝ ማኅተም ከሞላላቸው በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሴቶቹ ጋር ገቡ።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሌላ ሰው ግዢ አይመታም» አልኳቸው።

«እኛኮ አንድ ማኅበር ነን፣ ልጄ። አንድ ጽዋ ነው የምንጠጣ።»

«ጽዋው አንድ ይሁን፤ ካርዱ የእርስዎ ነው። ራስዎ ሃያ ብር ሲገዙ ያምጡት።»

እማማ ካርዱን መልሰው ቋጠሩትና የሁለት ብር ጨው ብቻ ገዝተው ወጡ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነው ያመሸሁት።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ እማማ እንስራቸውን እንዳዘሉ ከምንጩ ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወደሚያደርሳቸው መኪና ሲወስዷቸው ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቃሬዛውን አሳረፉት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የአንዷ ማኅበርተኛ ባል፣ ገብቶ ለመንገድ ብስኩት፣ ባትሪ ድንጋይና ስኳር ገዛ። ሃያ ሦስት ብር ሆነ። ከዚያ በጭቃ የታሸ ካርድ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«በዚህ ምቺ ብለውሻል። እሺ ካለች ነው ብለዋል።»

መታሁ። አሥረኛው ማኅተም ነበር። ጀሪካኑን አውርጄ ሰጠሁት። ሰውየው ይዞት ቆመና በበሩ ወደ ቃሬዛው፣ ከዚያ ወደኔ ተመለከተ።

«አሁን ምን ያደርጉበታል?» አለኝ፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠውና የገዛውን ብቻ አንጠልጥሎ ወጣ።

እማማ ከደብረ ብርሃን አልተመለሱም። ጀሪካኑ ለአንድ ሳምንት ያህል እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆየ፤ እኔም ባለቤቴም አልነካነውም። ከዚያ አንድ የማላውቀው ገበሬ መጥቶ «ስንት ነው?» አለኝ። አሥራ አራት ብር አልኩት። ሳይከራከር ከፈለኝ፤ አምስት ብር አተረፍኩበት።