ከንፈር የበላው ፎቶግራፍ

የሰም ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ሳላስበው አንኮበር እደርሳለሁ። የአያቴ የእምዬ ጓዳ እንዲያ ይሸት ነበር። እዚያ ጓዳ ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን፣ በጥድ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር።

ፎቶግራፉ የተነሣው ቤተ መንግሥቱ ገና አንኮበር ሳለ፣ እምዬም የእናቷን ቀሚስ የምትይዝ ሕፃን ሳለች ነው። ከቆላው የአሊዩ አምባ ገበያ የፎቶ ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ የወጣ ፈረንጅ እናትና ልጅን ደጃፍ ላይ አቁሞ አነሣቸው፣ በወረቀት አትሞም ሁለት ሰጣቸው። አንዱ ከቤት ጋር ተቃጠለ። እናትየዋም ብዙ ሳትቆይ ከብቱም ሰውም ባለቀበት በዚያ ክፉ ቀን ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ እምዬ የእናቷን ፊት የምታገኘው ከተረፈው ወረቀት ብቻ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ደጃፉን ሲዘጋው፣ እምዬ ጧፍ አብርታ መጀመሪያ ሥዕሉን ትሳለም፣ ቀጥላም ዞር ብላ እናቷን ትሳለም ነበር። ቄስ የነበረው አባቴ ፎቶግራፍ እንደማይሳለሙት ቢነግራት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ እሱም ከእናቱ ጋር መከራከር ስለማይወድ ካባውን ደርቦ ይወጣል። መስከረም ሲጠባ ጥቀርሻውን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ሰሌዳው ደርቆ ይጣመምና ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል፤ የተለጠፈበትን የዱቄት ሙጫም ነፍሳት ይበሉት ነበር። እኔ ለአቅመ አዳም ስደርስ የእናትየዋ ፊት የጥቀርሻ፣ የሰምና የከንፈር ወዝ ክምር ሆኖ ነበር።

ኋላ ለትምህርት ወደ ቪየና ሄጄ የቆየ ወረቀትና ፎቶግራፍ መጠገን ተማርኩ፣ እዚያው ሥራ ይዤም ቀረሁ። አንድ ዓመት ለእረፍት ስመጣ እምዬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት አገኘኋት። ሰሌዳውን ራሷ አውርዳ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊቷን አንድ ጊዜ አሳየኝ» አለችኝ።

ቪየና ስመለስ ምንም ከመንካቴ በፊት ፎቶግራፉን እንዳለ በካሜራ አነሣሁት፤ ብሳሳት እንኳ የነበረው እንዳይጠፋ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። ሰሙን በእንጨት ስለት በትንሽ በትንሹ ፈቀቅ እያደረግሁ፣ የቀረውን በተጣራ ቤንዚን ባረጠብኩት ጥጥ አነሣሁ። እንዲህ ያለው የድሮ ፎቶግራፍ ምስሉ የተያዘው ወረቀቱ ላይ በተቀባ የእንቁላል ነጭ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጥቀርሻውን፣ ጠርዙ ላይ ከሞከርኩ በኋላ፣ በራሴ ምራቅ በጥቂቱ በራሰ ጥጥ አጸዳሁት። በሙያችን የታወቀ ነገር ነው፣ ምራቅ ወዝን ይፈታል። ከዚያ ምስሉን በግምባሩ ደፋሁና፣ ወረቀቱን ከሰሌዳው ከመላጥ ይልቅ ሰሌዳውን ራሱን ከጀርባ እየፋቅሁ ጨረስኩት። የተሰነጠቀውን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከኋላ ደግፌ፣ በመጣጭ ወረቀቶች መካከል ክብደት ጭኜ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተውኩት።

ግንባሯ ወጣ፣ ዓይኖቿም ወጡ። አፏ ግን አልነበረም። የእምዬ ከንፈር ዕድሜ ልኳን እያረፈበት ምስሉን ጠርጎ ወስዶት፣ ባዶ ወረቀት ብቻ ቀርቷል። ልሥልላት እችል ነበር፣ እጄም በላኝ፤ ነገር ግን ያን አፍ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ ስላልነበረ ብሩሹን መልሼ አስቀመጥኩ።

በጥር በመስታወት ክፈፍ አድርጌ ይዤላት ሄድኩ። ወደ መስኮቱ ወስዳ ከዓይኗ አስጠግታ ብዙ ቆየች።

«ልጅ ናት እኮ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ እኔ እናቷን አክላለሁ።»

ከዚያ ልትስማት ጎንበስ አለችና ከንፈሯ መስታወቱን ሲነካ ደንግጣ ራቀች።

«ቀዘቀዘች። አውጣልኝ፣ ልጄ።»

በሳመቻት ቁጥር ምስሉ እንደሚያልቅ፣ አሁን ደግሞ ዓይኖቿ እንደሚጠፉ አስረዳኋት። ልቤ ፈርቶ፣ ያ ሁሉ ድካሜም አሳዝኖኝ ነበር። እሷ ግን እያዳመጠችኝ ፈገግ አለች።

«ለማን ልታስቀምጣት ነው? የእኔ እናት ናት።»

የክፈፉን ምስማሮች ነቅዬ መስታወቱን አነሣሁላት።

እምዬ በሚቀጥለው ክረምት አረፈች። ፎቶግራፉ ወደ እኔ ሲመጣ የእናትየዋ ግራ ዓይን ደብዝዞ፣ ከቀኝ ዓይኗም ግማሹ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዳግመኛ አልጠገንኩትም። ያኔ ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ነበረንና ስመን ጨረስነው። ዛሬ የልጆቼ ፎቶግራፎች መሳቢያ ሞልተው ይተርፋሉ፣ አንዱም አልደበዘዘም፤ አንዱንም ግን ስሜው አላውቅም።