የመውለጃው ቀን አልተዛወረም

ቀኑ ወበቃማ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቆቦ ላይ ግን ወበቅ የየቀኑ ነውና ብዙም ምስክር አይሆንም። የማልጠራጠረው፣ ሁለት የአልትራሳውንድ ውጤቶች በባለቤቴ ጭን ላይ መዘርጋታቸውን ነው። አንደኛው ፅንሱ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው የተነሣ ነው፤ ሁለተኛውን ያን ዕለት ጠዋት ከሆስፒታል ይዘን ተመልሰናል። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ እንድንመለስ ቀጥሮን ነበር።

አማቴ ከዋጃ ወዲያ፣ ከመንገድ ርቆ ሜዳው ውስጥ ካለው ቤታቸው የመጡት ልጃቸውን ሊወስዱ ነው። በልማዱ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው፤ የምትወልድበት ክፍልም ተለስኖ አልቋል።

«አንብብልን እንጂ፣ የተማርኸው ለዚህ አይደል?» አሉኝ።

አነበብሁ። የጭንቅላቱ ስፋትና ዙሪያ፣ የሆዱ ዙሪያ፣ የጭኑ አጥንት ርዝመት በሚሊሜትር ሰፍሯል። የእንግዴ ልጁ በማህፀኑ የኋላ ግድግዳ በላይኛው በኩል ነው፤ የሽርት ውሃው ዐሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ደህና ነው ይላል። ዕድሜው ግን ሠላሳ ሁለት ሳምንት ከምናምን ቀን ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ቢቆጠር ያን ዕለት ሠላሳ አራት ሊሞላ ይገባ ነበር።

«የመውለጃው ቀን ወደ ፊት ተገፍቷል» አልሁ።

«አልሃምዱሊላህ! እንግዲያውስ ምን ያስቸኩለናል? ሆስፒታሉንም ስትደርስ ታየዋለች፤ ተነሺ ልጄ።»

ባለቤቴ አልተነሣችም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ታያቸው ነበር። «እማ፣ ቀኑን ስላራቁት ልጁ ይወፍራል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያኔ የለኩት ዕድሜውን ነው። ዛሬ የለኩት መጠኑን ነው። መጠኑ ካነሰ ዕድሜው ነው የሚቀነሰው?»

«ዝናቡ ከዘገየ ማሽላውም ይዘገያል። ምን ያስደንቃል?»

«ማሽላው አጠረ ብለሽ የዘራሽበትን ቀን ግን አትለውጪም።»

«አፍሽ! ሆድሽ ቢያንስ አፍሽ አላነሰም!» ብለው አማቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልዘለቀም።

ይህን የተናገረችው እሷ መሆኗን ዛሬም እምላለሁ። እሷ ግን ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። ሁለታችንም ለሌላው ስንሰጠው ኖረን፣ አሁን ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። የደም ግፊቷን ለክቶ፣ የልጁን እንቅስቃሴ ጠይቆ፣ ወረቀቶቹን ተቀበለ።

«በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሶች በመጠን እምብዛም አይለያዩም፤ ስለዚህ ርዝመታቸው ዕድሜያቸውን ይናገራል» አለ። «እየቆዩ ሲሄዱ ግን እያንዳንዱ በራሱ መጠን ያድጋል። ማሽኑ የዛሬውን ልክ ከመካከለኛ ልጅ ጋር አስተያይቶ ነው ይህን ሳምንት የጻፈው። የመውለጃው ቀን የፊተኛው ነው፤ አይዛወርም።»

«ቢዛወርስ ምን ይጎዳል?» አልሁት።

«የልጁን ትንሽነት ይሸፍንብናል። በሠላሳ ሁለት ሳምንት ይህ የሆድ ዙሪያ ደንበኛ ነው። በሠላሳ አራት ግን ወደ ታችኛው ወሰን የተጠጋ ነው። ታሟል ማለት አይደለም፤ በተፈጥሮው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይህን የምናውቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግመን ስንለካ ነው፤ ያኔ ማደጉን ወይም መቆሙን እናያለን። እንቅስቃሴው ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ኑ።»

አማቴ ወረቀቱን በጣታቸው ነኩት። «የእንግዴ ልጁስ፣ የኔ ጌታ? ጎረቤታችን በሱ ነው የደማችው።»

«እሱ ከማህፀኑ አፍ ርቆ ከላይ ነው፣ እናቴ። ውሃውም በቂ ነው።»

«እሺ፣ ያ ከሆነ ከዋጃ ወዲያ፣ እኔ ቤት ሆና ትጠብቅ።»

«ጎርፍ ሲወርድ ከእርስዎ ቤት መኪና ይወጣል?» አለ ሐኪሙ።

አማቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ማታውን ብቻቸውን ወደ ዋጃ ተመለሱ። ባለቤቴ አውቶቡሱ ከዐይን እስኪጠፋ ቆማ አየችው፤ እናቷን ማስቀየሟ ከሕፃኑ ሐሳብ እኩል ሳይከብዳት አልቀረም።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት በደንብ አላስታውሳቸውም። ልጁ ሲራገጥ እጄን እየጎተተች ሆዷ ላይ ታሳርፈው ነበር፤ ሳይራገጥ ሲቆይ ደግሞ ሁለታችንም ሰዓት እንቆጥራለን። ከዚህ ሌላ የቀረኝ ጥቂት ነው።

በቀጠሮው ጠዋት አማቴ ማንም ሳይጠራቸው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ምርመራው ክፍል ውስጥ ስክሪኑን አፍጥጠው ተመለከቱ፤ ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም። ሐኪሙ አዲሱን ውጤት ከበፊቱ ጋር አስተያየ። የሆዱ ዙሪያ አድጓል፤ አሁንም ወደ ትንሹ ወገን ቢሆንም በሚጠበቀው መጠን ጨምሯል። ውሃው አልጎደለም። «ልጁ በርትቷል። ክትትሉ ይቀጥላል፤ የምትወልደው ግን እዚሁ ሆስፒታል ይሁን» አለ።

ደጅ ስንወጣ ባለቤቴ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እማ፣ እኔ ካልመጣሁ አንቺ ነይ።»

 አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «የገንፎ ድስት አላችሁ?»

«ትንሽ አለች፣ ለሻይ የምንጠቀምባት።»

«ለሻይ!» ብለው ነጠላቸውን አጠበቁ። «ያ አላህ! ገበያው የት ነው? ቅደም፣ አሳየኝ።»