ኬሌራ አልለጥፍም ያለቻቸው ጽሑፎች

ኬሌራ የአጎቴ ልጅ ናት። እኛ ዘንድ የወንድምና የእህት ልጆች መሰዳደብ መብታችን ነው፤ ካልተሰዳደብን ሰው ተጣልተዋል ይላል። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ ምላሴ ቢረዝም ማንም እንዳይፈርድብኝ። ግትር ናት። ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ግትር ናት፤ የአጎቴ ሚስት ምጥ ላይ ሁለት ቀን መቆየቷን እስከ ዛሬ ታወራለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ባሕሩ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ቀጥሯት ነበር። በሦስተኛው ቀን አለቃዋ ጎፈሬዋን አይቶ «ነገ አስተኝተሽው ነይ» አላት። እሷም በማግስቱ ሚዶዋን ይዛ ሄደች፤ አለቃው ፊት ቆማ ጎፈሬዋን ከትናንቱ የበለጠ ነፋፍታ አበጠረችና ዩኒፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዋና ከተማችን ሱቫ ውስጥ በሌላ ሰው ፀጉር ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠራች። ሥራዋ ደግሞ ምን ሆነ? የሰው ፀጉር በሪላክሰር ማስተኛት። ከመድኃኒቱ የተነሳ የጣቶቿ ቆዳ እየተላጠ ሌላውን ስታለሰልስ፣ የራሷን ጎፈሬ አንድ ቀን አላስነካችም። «እኔ ለደመወዝ ነው የማስተኛው፤ የራሴን ግን ማንም አይከፍለኝም» ትል ነበር።

በመጨረሻ የራሷን ቤት በእኛ ከተማ በናውሶሪ ከፈተች፤ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት፣ ፎቁ ላይ፣ ከልብስ ስፌት ክፍሌ አጠገብ። ጎፈሬን እንደ ጎፈሬ የሚንከባከብ ፀጉር ቤት ነው ያለችው። ቀለም ቀብተን፣ መስታወት ሰቅለን ስናበቃ ግን የፀጉር መታጠቢያ ወንበር አልነበራትም። ያኔ ነው አንድ የፀጉር ዕቃ አከፋፋይ ኩባንያ ሁለት መታጠቢያ ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አውሶ የሰጣት። ለዓመት ትጠቀምባቸዋለች፤ በምትኩ በመክፈቻው ሳምንት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ እነሱ የጻፉትን ጽሑፍ በፌስቡክ ገጿ ላይ ትለጥፋለች። ስድስት ቀን፣ ስድስት ጽሑፍ። አንዱ ከጎደለ ዕቃው ይመለሳል።

ኬሌራ ስልክ ላይ በአንድ ጣት ስለምትጽፍ ገጹን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስድስቱንም አስገባን፤ ሰው ምሳ ሊበላ ተቀምጦ ስልኩን የሚያይበት ስለሆነ ሁሉም ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ራሱ እንዲወጣ ሞላሁት። የሰኞው ደህና ነበር። አድራሻው፣ ስልኩ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ነፃ እጥበት። ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ያለው መስመር ስለሆነና የቀረው «ተጨማሪ ይመልከቱ» በሚለው ስር ስለሚደበቅ፣ ኬሌራ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ መስመር ጮክ ብዬ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ረቡዕ ላይ ደረስኩ።

«‹በፊት ጫካ፣ አሁን ሰው› ይላል» አልኳት። «ከዚያ የሪላክሰሩ ስም ነው። በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ ይግባበት ተብሏል።»

«አልለጥፍም።»

«ኧረ ተይኝ ኬሌራ። ሁለት ወንበር ለአንድ መስመር ብለሽ ልትመልሺ ነው? ጭንቅላትሽ ውስጥም ፀጉር ነው እንዴ ያለው?»

«ባንቺ ውስጥ ካለው ክር ይሻላል» አለች። ብዙ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ «ይሁን፣ ግን የኔ ሰው ፎቶ እንዳይገባበት። ኩባንያው የላከውን ሞዴል አድርጊ» ብላ ተሸነፈችልኝ። ኬሌራ ስትሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምነው ባላሸነፍኳት።

ማክሰኞ ዕለት የባነሩን ኅትመት ላመጣ ወጥቼ ሳለሁ ኔይ ማኬሌሲ ፀጉሯን ልትስተካከል መጥታ ነበር። ኔይ የምንላት አክስት ስለሆነች ነው፤ የሥጋ ባትሆንም ከድልድዩ ማዶ ያለው መንደሯ ሁሉ ኔይ ይላታል። እኔ በስም እንጂ በመልክ አላውቃትም ነበር። ባሏ መምህር ኢሊያሴ ከሞተ ጀምሮ መቀስ አልነካትም፤ በነሱ ቤተሰብ ሐዘንተኛ እስከ መቶኛው ሌሊት ፀጉሩን አይቆረጥም። መቶው ሌሊት ከመክፈቻው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሞላ፤ አጎቷ የመጀመሪያውን የፀጉር ዘለላ በሥርዓቱ ቆረጠላት፤ የቀረውን እንድታስተካክልላት ኬሌራን መረጠች። ኬሌራም እጇን ከማሳረፏ በፊት ይቅርታ ጠየቀች፤ እኛ ዘንድ የሰው ራስ ዝም ብሎ አይነካም። ሳትቆረጥም ከተቆረጠችም በኋላ ፎቶ ያነሳቻት ኔይ ራሷ ለምናት ነው፤ ሲድኒ ላሉት ልጆቿ ልትልክላቸው። ፎቶው የቀረው በሱቁ ስልክ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ማክሰኞ ማታውን፣ የሞዴሏን ፎቶ ማስገባቴን ነግሬያት ስለነበር፣ ከኩባንያው ሎሬን የምትባለው ደወለችልኝና «ሞዴሏ አትሆንም፤ የእውነት ደንበኛ ይሁን፤ ሰው የሚያምነው ጎረቤቱን ሲያይ ነው» አለች። እኔም የሱቁን ስልክ ከፈትኩ፣ ከሁሉ ትልቁን ጎፈሬ መረጥኩ፣ ቀየርኩት፣ ተኛሁ። ኬሌራን አልጠየቅኳትም። ለምን እንዳልጠየቅኳት ልንገራችሁ፤ እምቢ እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። እኔም ኮሜንቱ ሲበዛ ደስ ብሎኝ ለኬሌራ ላሳያት ስነሳ አንዲት ሴት የጻፈችውን አየሁ። «ይህቺ የመምህር ኢሊያሴ ሚስት ናት። ይሄ የሐዘን ፀጉር ነው። ማነው ጫካ ያላት?» ይላል። ክው አልኩ። አፈር ልግባ የምትለዋ ቃል ለምን እንደተፈጠረች ያን ጊዜ ገባኝ።

ኬሌራ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ልጥፉን አጠፋችው፤ ግን ሰው አስቀድሞ ከስክሪኑ ላይ ቀድቶ በየግሩፑ በትኖታል።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጫማሽን አድርጊ።»

ከገበያ ለመጠጥ የሚወቀጠውን የያንጎና ሥር አንድ እስር ገዛን፤ እኛ ይቅርታ የምንለው ይህን ይዘን ነው። ድልድዩን ተሻግረን ኔይ ቤት ደረስን፤ በሩ ጋ ዝቅ ብለን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ኬሌራ እስሩን ኔይ ፊት አስቀምጣ «ኔይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በቤቴ ስም ወጥቷል። ይማሩኝ» አለች። እኔ እያለሁ የኔን ስም አላነሳችም። አልቻልኩም፤ «ውሸቷን ነው፤ ፎቶውን ያስገባሁት እኔ ቶሪካ ነኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

የኔይ ማኬሌሲ ፀጉር አጥሮ ጆሮዋ ይታያል። ከዚያ እስሩን ነክታ እጆቿን ሦስት ጊዜ አጨበጨበች፤ መቀበሏ ነው።

«ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ» አለች። «ያን ጽሑፍ ግን አልተቀበልኩም። ለምን አጠፋሽው?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው» አለች ኬሌራ።

«እኔ ምን አደረግኩና ነው የማፍረው? ያየው አይቷል። ፎቶዬን መልሽና ቃሉን ቀይሪ። አንቺ አልቃሻዋ፣ ጻፊ።»

በእንባዬ መሃል ጻፍኩ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ የኩባንያው አራተኛ ጽሑፍ ሊወጣ ነበር፤ ሰርዘን የሷን አወጣን፤ ከገጹ አናት ላይም ሰካነው። እንዲህ ይላል፦ «በፊትም ሰው ነበርኩ። ስሜ ማኬሌሲ ነው፣ የኢሊያሴ ሚስት። ይህን ፀጉር መቶ ሌሊት ያሳደግኩት ለባሌ ነው፤ የቆረጥኩትም ሐዘኔን ስጨርስ እንጂ ሰው ለመሆን አይደለም።» ሌላ ምንም አልጨመርንበትም፤ አድራሻም፣ ዋጋም፣ የሪላክሰሩን ስምም።

ሎሬን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለች። ኬሌራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አሁኑኑ አውርጂው። እኛን ነው የሰደበችው» አለች ሎሬን።

«ያንቺ ስም የት አለበት?»

«ውላችን ስድስት ጽሑፍ ነው ኬሌራ። ካላወረድሽው ነገ ወንበሮቹን የሚወስዱ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ይምጡ። ግን ደረጃው ጠባብ ነው በያቸው፤ አጎንብሰው ይውረዱ፣ ግድግዳዬን እንዳይፍቁት። ገና ቀለም መቀባቴ ነው» ብላ ዘጋችው። ጓዳ ገብታ ውሃ ጠጣችና ተመለሰች። የአሥራ አራት ዓመት ምኞቷ በአምስተኛው ቀን ሲነቀል ማየት ቀልድ አይደለም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰድባት ነገር አጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ወጣቶች መጥተው ወንበሮቹንና ካስኩን ወሰዱ። የኩባንያውን የቀሩ ሁለት ጽሑፎች ሰረዝኳቸው፤ የቀረልን የቧንቧ ጫፍና ባዶ ግድግዳ ነው። ኬሌራ ባዶውን ግድግዳ ቆማ ስታይ ቆየችና «ፎቶ አንሺው» አለችኝ። ጽሑፉን ራሷ በአንድ ጣቷ ጻፈችው፤ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ልርዳሽ ብላት እጄን መታችኝ። «መታጠቢያ ወንበራችን ሄዷል። ባልዲና ጆግ አለን። ውሃው ይሞቃል። ፀጉርሽን እንዳለ ይዘሽው ነይ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነን» ይላል። ዓርብ አራት ሰው መጣ። አንዷ ለወሬ ነው የመጣችው፤ እሷም ታጥባ ሄደች።

ቅዳሜ ስድስተኛው ቀን ነው። ሊመሽ ሲል ደረጃው ላይ ቀስ ያለ እርምጃ ሰማን። ኔይ ማኬሌሲ ናት፤ ምርጥ ልብሷን ለብሳ። ከኋላዋ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኞቿ፣ ሰባት ሴቶች፣ ሁሉም ጎፈሬያቸውን ነፋፍተው።

«ኔይ፣ እርስዎ ምን የሚቆረጥ አለዎት?» አለች ኬሌራ።

«ምንም የለኝም። ልታጠብ ነው የመጣሁት።»

ተራ ወንበር አምጥተን አስቀመጥናት። ኬሌራ ይቅርታ ጠይቃ እጇን ራሷ ላይ አሳረፈች፤ እኔ ጆጉን ያዝኩ። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ እግራችንን አራሰን፣ ማንም አልተነቃነቀም። ኔይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ታጥባ ስታበቃ፣ ውሃው አንገቷ ላይ እየወረደ፣ «ቶሪካ፣ ፎቶ አንሺኝ» አለች።

አነሳኋት። ፊቷ ቀና ብሏል፣ ጆሮዎቿ ይታያሉ፣ የኬሌራ የተላጡ ጣቶች ትከሻዋ ላይ ናቸው።

«ምን ብዬ ልጻፍበት ኔይ?» አልኳት። ስሳሳት ነው የከረምኩት፤ ከእንግዲህ ያልተጠየቀ ሰው ፎቶ አልነካም።

«ምንም አትጻፊ። ስሜን ብቻ።»

ኬሌራን አየኋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ስድስተኛውን ጽሑፍ እንዲህ ለጠፍነው፦ ማኬሌሲ።

ከዚያ ኬሌራ ባልዲውን ደፍታ ሌላ ውሃ ሞላችና «ቀጣይ ማናት?» አለች።